የተከራይ እንግዳ ሲከርም፦ አከራይ ሳይቆጣ እንዴት ያስታውሳል?

ተከራይ ቤት እንግዳ መምጣቱ በራሱ አከራይን አያገባውም። ሰው ቤት የሚከራየው እንግዳ ለመቀበልም ጭምር ነው። ችግሩ የሚጀምረው እንግዳው ሲከርም ነው። መጀመሪያ ሻንጣ ይገባል። ከዚያ ፍራሽ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ የበር ቁልፍ ይቀረጽለታል። አከራዩ «ዛሬ ነገ ይሄዳል» እያለ ዝም ይላል። ነገሩ ሆዱ ውስጥ ሲብላላ ይከርምና አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ይፈነዳል። ተከራዩ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ቅሬታ አልሰማም። ስለዚህ የሚያስታውሰው ቁጣውን እንጂ የውሉን ነገር አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በጊዜው የተላከች አንዲት አጭር መልእክት ብዙ ጠብ ታስቀራለች። ችግሩ መልእክቷን እንዴት እንደሚጽፏት ነው። ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን። መሃል ላይ አንድ ምሳሌ ወስደን፣ መጥፎውን መልእክት ገጣጥመን እናፈርሰውና ጥሩውን እንጽፋለን።

1. መጀመሪያ ውሉን አንብቡ

ብዙ አከራይ ውሉ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያውቅ ይመስለዋል። ሲገልጡት ግን ስለ እንግዳ አንድም ቃል የለም። ወይም ደግሞ «ያለ አከራዩ ፈቃድ ሌላ ሰው ማኖር አይቻልም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ። «ማኖር» ማለት ስንት ቀን እንደሆነ አይናገርም።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። በቤቱ ውስጥ ይኖራሉ ተብለው ስማቸው የተጻፈው እነማን ናቸው? እንግዳ እስከ ስንት ሌሊት ማደር ይችላል? ከዚያ በላይ ሲሆን ተከራዩ ፈቃድ የሚጠይቀው በምን መንገድ ነው? የሌሊት ገደብ ያላቸው ውሎች ብዙ ጊዜ በተከታታይ 7 ወይም 14 ሌሊት ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ «በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 14 ሌሊት» ይላሉ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። በመጀመሪያው ቆጠራ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ የሚያድር ሰው መቼም ገደቡን አያልፍም። በሁለተኛው ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ያልፋል።

ውሉ ስለ እንግዳ ዝም ካለ፣ የሌለ ሕግ ጠቅሳችሁ መጻፍ አትችሉም። ተከራዩ «የትኛው አንቀጽ?» ካላችሁ መልስ የላችሁም። በዚህ ጊዜ የምትችሉት መጠየቅና መነጋገር ነው። ገደቡን ውሉ ሲታደስ ታስገቡታላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ውል ከአገር ሕግ በላይ አይደለም። በብዙ ቦታ ሕጉ የትዳር ጓደኛን፣ አዲስ የተወለደ ልጅን፣ ወይም ለታመመ ሰው አስታማሚ ሆኖ የሚያድርን ሰው ለብቻው ያያል። በሌላ በኩል፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ማደር እንደሚችል በክፍሉ ስፋት የሚወስን ደንብም አለ። መልእክቱን ከመላካችሁ በፊት ያላችሁበት ቦታ ሕግ ምን እንደሚል ጠይቁ።

2. እንግዳ ነው ወይስ ደባል?

እንግዳ የሚመለስበት ቤት አለው። ደባል ግን ቤቱ እዚህ ሆኗል። ልዩነቱ ይኸው ነው። የምታዩት ምልክትም በዚሁ መለካት አለበት።

ጠንከር ያሉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሰውየው የራሱን ቁልፍ ይዞ ይገባል፤ ተከራዩ ሳይኖርም ይገባል ይወጣል። አልጋ ወይም ቁም ሣጥን አስገብቷል። አድራሻውን ለሰው ሲሰጥ ይህንን ቤት ይሰጣል፤ ደብዳቤ ወይም ዕቃ በስሙ ይመጣለታል። ከኪራዩ ያዋጣል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ብዙም አይናገርም። የታመመ ዘመዱን ለአንድ ወር ሊያስታምም የመጣ ሰውም ቁልፍ ይሰጠዋል። ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ደካማ ምልክቶችም አሉ፤ አከራዮች ደግሞ ይወዷቸዋል። «ጎረቤት ነገረኝ» አንዱ ነው። «ማታ ማታ መኪናው እዚህ ይቆማል» ሌላው ነው። በእነዚህ ብቻ ተነስታችሁ አትጻፉ። የበር ካሜራ እያገላበጣችሁ ሌሊት አትቁጠሩ። ተከራዩ አንድ ቀን እንደምትቆጥሩ ሲያውቅ ውይይቱ ስለ እንግዳው መሆኑ ያበቃል፤ ስለ እናንተ ይሆናል። በዚያ ላይ ሰውን በቤቱ መከታተል በሕግ የሚያስጠይቅበት ቦታ ብዙ ነው። ለማረጋገጥ ብላችሁ ሳታሳውቁ ገብታችሁ ክፍል ማየትም አይገባም። ቤቱ የእናንተ ቢሆንም መኖሪያው የእሱ ነው።

ቁጥሩን በትክክል ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ መልእክቱ ጥያቄ ስለሆነ። «19 ሌሊት አድሯል» ብሎ መከራከር አያስፈልግም። «ሊቆይ አስቧል ወይ?» ማለት ይበቃል።

3. ምክንያታችሁን ለይታችሁ እወቁ

ተከራዩ ወዲያው የሚያስበው «ምን ቸገረው?» ብሎ ነው። መልሱን መጀመሪያ ለራሳችሁ ስጡ። እውነተኛው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው። የጋራ ውሃ ወይም መብራት ቆጣሪ አለ፤ ሂሳቡም በሰው ቁጥር ይካፈላል። የፍሳሽ ጉድጓዱ የተሠራው ለተወሰነ ሰው ነው። እሳት ቢነሳ በጠባቧ ደረጃ ስንት ሰው እንደሚወርድ ማወቅ ያስፈልጋል። የቤቱ ኢንሹራንስ በነዋሪ ቁጥር ላይ ተመሥርቷል። ወይም በቀላሉ፣ ዕቃ ቢሰበር ወይም ጉዳት ቢደርስ ስሙ ውል ላይ የሌለን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ከእነዚህ እናንተን በእውነት የሚመለከተውን አንዱን ምረጡ። አምስቱንም መደርደር ሰበብ ያስመስላል። ደግሞ የሌለ ምክንያት አትፍጠሩ። ቆጣሪው የየራስ ሆኖ እያለ ስለ ውሃ ብታወሩ ተከራዩ ይስቅባችኋል፤ መሳቁም ልክ ነው።

ምክንያታችሁ ሰውየውን አለመውደድ ከሆነስ? አለባበሱ፣ ሰዓቱ፣ ከተከራይዋ ጋር ያለው ግንኙነት ከሆነ የሚያሳስባችሁ፣ አትጻፉ። ያ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። እንግዳው ወንድም ይሁን ወዳጅ ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ ገደቡ አንድ ነው። «ምንሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያስቀይም ጥያቄ ነው። ለአንዱ ተከራይ ዝም ብላችሁ ለሌላው ደንብ መጥቀስ ደግሞ አድልዎ ነው፤ በብዙ አገር በሕግም ያስጠይቃል።

4. ለሁሉም ልላክ ወይስ ለአንዱ?

ለሁሉም የሚላክ ማስታወሻ ጥሩ የሚሆነው ማንም ላይ ጣት በማይቀሰርበት ጊዜ ነው። አዲስ ተከራይ ሲገባ፣ ውል ሲታደስ፣ ወይም በዓል ሊደርስ ሲል። ያኔ ሁሉም ቤት እንግዳ ስለሚጠብቅ መልእክቱ የአንድ ሰው አይሆንም። እንዲህ ዓይነቱ በቂ ነው፦

> ጤና ይስጥልን፣ ውድ ተከራዮቻችን። የበዓሉ ሰሞን እንግዳ የሚበዛበት ስለሆነ ይህንን አስቀድመን ለማስታወስ ያህል ነው። እስከ 14 ሌሊት ለሚያድር እንግዳ ማሳወቅ አያስፈልግም። ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው ካለ ግን አስቀድማችሁ በአጭር መልእክት ንገሩን፤ ተነጋግረን እናመቻቻለን። መልካም በዓል።

ማሳወቅ የማያስፈልገውን መጀመሪያ ማስቀደሙን ልብ በሉ። ሰው «ይህ ይፈቀዳል» የሚለውን ቀድሞ ካነበበ የቀረውን ዘና ብሎ ያነባል።

አሁን መጥፎውን ልንገራችሁ። አንድ ተከራይ ቤት እንግዳ ከርሟል፤ ሁሉም ያውቃል። አከራዩ ፊት ለፊት መናገር ስለፈራ በጋራው ግሩፕ «አንዳንድ ተከራዮች» ብሎ ይጽፋል። ስም አልጠራም፤ ግን ግቢው በሙሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ይህ በአደባባይ ከመዝለፍ አይሻልም። እንዲያውም ይብሳል፤ ተከራዩ መልስ መስጠት እንኳ አይችልም። ጉዳዩ የአንድ ቤት ከሆነ ለዚያ ቤት ብቻ፣ ውል ለፈረመው ሰው ብቻ ይላክ። ለእንግዳው አይላክም። እንግዳው ጋ ውል የላችሁም።

5. አንድ ምሳሌ

ሦስት ቤት ያለው አንድ ግቢ እንውሰድ። የውሃ ቆጣሪው አንድ ነው፤ ሂሳቡ በሰው ቁጥር ይካፈላል። በሁለቱ ቤቶች 5 ሰው፣ በሦስተኛው ቤት ደግሞ አንዲት እናትና ልጇ ይኖራሉ። በድምሩ 7 ሰው ነው። በወር ወደ 21 ሜትር ኩብ ውሃ ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 3 ማለት ነው።

የእናትየዋ ወንድም በእንግድነት መጣ። አንድ ወር አለፈ። ውሉ እንግዳ በተከታታይ እስከ 14 ሌሊት ይፈቅዳል። አከራዩ ሲወጣ ሲገባ ያየዋል፤ ዝም ብሏል። ባለፈው ሳምንት ግን ወንድምየው ራሱ መጥቶ የውጭ በር ቁልፍ ጠየቀው። የውሃ ሂሳቡም ወደ 24 ሜትር ኩብ ወጣ። ሂሳቡ አሁንም ለ7 ሰው ከተካፈለ፣ ሌሎቹ ሁለት ቤቶች ከ15 ይልቅ 17 ሜትር ኩብ ገደማ ይከፍላሉ። ሁለቱ ሜትር ኩብ እነሱ ያልተጠቀሙበት ውሃ ነው። ለአንድ ወር ማንም አይናገርም። ሦስተኛው ወር ላይ ግን ነገር ይነሳል።

አከራዩ ተናዶ የጻፈው መጀመሪያ እንዲህ ነበር እንበል፦

> በውላችን መሠረት ያለ ፈቃድ ሰው ማኖር ክልክል ነው። ወንድሜ ነው የምትይው ሰው ከወር በላይ እየኖረ መሆኑን ደርሰንበታል። ጎረቤቶችም ቅሬታ አቅርበዋል። በ3 ቀን ውስጥ ካልወጣ ቤቱን እንድትለቂ ይደረጋል።

አንድ በአንድ እንየው። «ወንድሜ ነው የምትይው» ሴትዮዋን ውሸታም ማለት ነው። ከዚህ ቃል በኋላ የተጻፈውን አታነበውም። «ደርሰንበታል» የፖሊስ ቋንቋ ነው፤ ስንከታተልሽ ነበር ይላል። «ጎረቤቶችም» ሲል ደግሞ ከጎረቤቶቿ ሊያጣላት ነው። ነገ ግቢው ውስጥ ማን እንደተናገረ ፍለጋ ይጀመራል። «3 ቀን» ከየት መጣ? ውሉ ላይ የለም። «ይደረጋል» የሚለውም ባዶ ማስፈራሪያ ነው፤ በአብዛኛው ቦታ ተከራይን ማስለቀቅ የሚቻለው ሕጋዊ ማስጠንቀቂያና ሥርዓት ተከትሎ ነው። ሌላው ደግሞ እስከ ትናንት «እርስዎ» ሲላት የነበረችውን ሴት ዛሬ «አንቺ» ብሏታል። ብዙ ሰው ይህንን ሳያውቀው ያደርገዋል። አንባቢዋ ግን ከሁሉ በፊት የምታየው እሱን ነው።

ዋናው መረጃ ግን ስህተት የለበትም። ውሉ አለ፣ ሰው አለ፣ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ መረጃውን ይዘን አጻጻፉን እንቀይር፦

> ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?
>
> ባለፈው ሳምንት ወንድምዎ የውጭውን በር ቁልፍ ጠይቀውኝ ነበር። ከመስጠቴ በፊት እርስዎን ባነጋግር ይሻላል ብዬ ነው።
>
> ውላችን ላይ እንግዳ እስከ 14 ሌሊት ማደር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ተነጋግረን በጽሑፍ እንስማማለን ይላል። ወንድምዎ ለጥቂት ጊዜ ነው የመጡት ወይስ እዚሁ ሊቆዩ አስበዋል?
>
> የሚሄዱ ከሆነ ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ። የሚቆዩ ከሆነ ስማቸውን ውሉ ላይ እናስገባለን፤ ውሃውንም በሰው ቁጥር ስለምንካፈል ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እናስተካክላለን። ትንሽ ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነም ይንገሩኝ፣ እንነጋገራለን።
>
> እስከ መጪው ዓርብ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። መደወልም ይችላሉ።

እዚህ ላይ የተሠራው ሥራ ብዙ አይደለም። አከራዩ የጀመረው በዓይኑ ካየው፣ ማንም ከማይክደው ነገር ነው፤ ቁልፉን የጠየቀው ወንድምየው ራሱ ነው። ጎረቤት አልተጠቀሰም። ደንቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነገረ። ምክንያቱም አንድ ነው፤ ውሃው። ከዚያ ሦስት በር ተከፈተላት፦ ይሄዳል፣ ይቆያል፣ ጊዜ ስጡኝ። ሰው ሦስት መውጫ ሲያይ መከላከል ይተዋል፤ የትኛው ይሻለኛል ብሎ ማሰብ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ቀን አለ። ቀን የሌለው መልእክት «አይቼዋለሁ» ተብሎ የሚቀር ነው።

ይቅርታ አለመጠየቁንም ተመልከቱ። «ስላስቸገርኩ ይቅርታ፣ እኔ እንኳ ግድ የለኝም ነበር፣ ግን...» እያሉ መሽቆጥቆጥ ሌላው ጫፍ ነው። ተከራይዋ እንዲህ ያለውን ካነበበች ገደቡ የምር እንዳልሆነ ነው የምትረዳው። ሁለት ወር ቆይታችሁ ስትጠይቁ ደግሞ እናንተ ቃላችሁን ያጠፋችሁ ትመስላላችሁ።

ቁልፉስ? ንግግሩ እስኪያልቅ አትስጡ። ቁልፍ መስጠትና ከእንግዳው እጅ ኪራይ መቀበል፣ ሁለቱ ተደምረው «ፈቅዶልኛል» ለማለት ያበቃሉ። በብዙ ቦታ ያንን ያህል ከቆየ በኋላ ሰውየው እንደ ተከራይ ሊታይ ይችላል፤ ያኔ በአንድ መልእክት የሚያልቅ ነገር አይሆንም። ዝምታም እንደዚያው ነው። እያወቃችሁ ለወራት ኪራይ እየተቀበላችሁ ዝም ካላችሁ፣ ኋላ ደንቡን መጥቀስ ይከብዳል።

6. መቼና በምን ይላክ?

ቀን ላይ፣ በሥራ ቀን ላኩት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የደረሰ መልእክት ቃሉ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ቁጣ ይመስላል። የኪራይ መክፈያ ቀንም ይለፍ፤ ገንዘብና እንግዳ አንድ ላይ ሲነሱ ነገሩ የኪራይ ጭማሪ ሰበብ ይመስላል።

ተከራዩን ደጃፍ ላይ ብታገኙት፣ እንግዳው አጠገቡ ቆሞ ከሆነ ሰላምታ ብቻ ሰጥታችሁ እለፉ። በእንግዳው ፊት መናገር አስተናጋጁን ማዋረድ ነው። ልጆች ፊትም እንዲሁ።

በቃል መነጋገር የምትመርጡ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለብዙ ሰው ከጽሑፍ ይቀላል። ግን የተስማማችሁበትን በዚያው ቀን በሁለት መስመር ጻፉለት፦ «ቅድም እንደተነጋገርነው ወንድምዎ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያሉ። አመሰግናለሁ።» ይህ ለክስ ዝግጅት አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ «የወሩ መጨረሻ ነው ያልሽኝ»፣ «አይ፣ የሚቀጥለው ወር ነው» የሚለውን ክርክር ያስቀራል።

7. መልሱ ሲመጣ

«በዚህ ቀን ይሄዳል» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ተቀበሉ። ቀኑ ሲደርስ ጠዋት በር ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ። ሁለት ሦስት ቀን ቢያልፍም ምንም አይደለም። ሳምንት ካለፈ «ወንድምዎ በሰላም ሄዱ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጥያቄው ሰላምታ ይመስላል፤ ግን ተከራይዋ ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል።

«ይቆያል» ከተባላችሁ መጀመሪያ ቤቱ ይችላል ወይ የሚለውን እዩ። ደንቡ ለክፍሉ 2 ሰው ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ምንም ብትስማሙ አይሆንም። የሚችል ከሆነ ከሁለት አንዱን ምረጡ። አንደኛው፣ ሰውየው ነዋሪ ተብሎ ስሙ ብቻ ይጻፋል፤ ኪራዩን የምትከፍለው፣ ለጉዳት የምትጠየቀውም እሷው ናት። እሷ ስትለቅ እሱም ይለቃል። ሁለተኛው፣ እሱም ተከራይ ሆኖ ይፈርማል። ያኔ ሁለቱም ለሙሉ ኪራይ ተጠያቂ ይሆናሉ፤ እሷ ብትሄድም እሱ መቆየት ይችላል። ይህንን ልዩነት ለተከራይዋ አስረዷት። ብዙ ሰው ዘመዱን «አብሮኝ ይፈርም» ብሎ ያስፈርምና ኋላ ሲጣሉ ማስወጣት ያቅተዋል። ለመጣ ዘመድ በአብዛኛው የመጀመሪያው ይሻላል።

የማሟያ ወረቀቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የሰውየው ሙሉ ስም፣ መኖር የጀመረበት ቀን፣ ነዋሪ ወይስ ተከራይ እንደሆነ፣ የውሃ ሂሳቡ ከመቼ ጀምሮ በስንት እንደሚካፈል፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ። በምሳሌያችን «የዚህ ቤት ድርሻ ከ7ቱ 2 የነበረው ከ8ቱ 3 ይሆናል» ተብሎ ይጻፋል። ተጨማሪ ኪራይ መጠየቅ የምትችሉት ውሉና ሕጉ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ውሉ መሃል ላይ «ሰው ስለጨመርሽ ጨምሪ» ማለት አይቻልም። የውሃ ድርሻ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ድሮም በሰው ቁጥር ነበር።

«ጊዜ ስጡኝ» ሲሏችሁ ምክንያቱን አትቆፍሩ። ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ከሚደበድበው ሰው የሸሸ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለአከራይ መዘርዘር ማንም አይወድም። «እስከ መቼ ይበቃል?» ብላችሁ ቀን ያዙ። ቀኑ አንድ ጊዜ ቢራዘም አትጨነቁ። አዲስ የተወለደ ልጅ ከሆነ ግን የእንግዳውን ደንብ ጭራሽ አታንሱት። ለልጅ 14 ሌሊት አይቆጠርለትም።

ከሁሉም አስቸጋሪው «ማንም የለም» የሚለው መልስ ነው። እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሷም እንደምታውቁ ታውቃለች። እዚህ ላይ ማስረጃ እየደረደሩ መከራከር ምንም አያመጣም። ፈርታ ሊሆን ይችላል። ቃሏን ተቀበሉና በር ክፈቱላት፦

> እሺ፣ አመሰግናለሁ። ምናልባት ወደፊት ከ14 ሌሊት በላይ የሚቆይ ሰው ካለ ብቻ ያሳውቁኝ። ውሉ ላይ ማስገባቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ አያስቸግርም።

ብዙ ሰው ይህንን ካነበበ ከቀናት በኋላ ራሱ ይመጣል። «ማስገባቱ አያስቸግርም» የሚለውን ሲሰማ መደበቁ ትርጉም ያጣበታል።

መልስ ጭራሽ ካልመጣስ? ቀጠሮው ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ ደውሉ። መልእክቱ ላይደርስ ይችላል። አሁንም ዝም ከተባለ ሁለተኛ መልእክት ጻፉ። ይህኛው አጭርና ትንሽ ጠንከር ያለ ነው፤ የመጀመሪያውን መልእክት ቀን ይጠቅሳል፣ የውሉን አንቀጽ ቁጥር ይጠቅሳል፣ አዲስ ቀን ይሰጣል። ሦስቱ አማራጮች እዚህም ይደገማሉ። ያም ካልሠራ ነገሩ ከማስታወሻ አልፏል። ቀጣዩ ሕጉ በሚያዘው መልክ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ነው። እሱን በራሳችሁ ከመጻፍ ሕግ አዋቂ አማክሩ፤ የቀን ቆጠራውና የአሰጣጡ መንገድ ከተሳሳተ ዋጋ አይኖረውም። እስከዚያ ድረስ ውሃ መዝጋት፣ መብራት ማጥፋት፣ ቁልፍ መቀየር የሚባል ነገር አይታሰብ። እውነቱ የእናንተ ሆኖ እያለ ጥፋተኛው እናንተ ትሆናላችሁ።

8. ውሉ ሲታደስ

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚመጣው አንቀጹ ጎዶሎ ሲሆን ነው። ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ይህንን የመሰለ ጨምሩበት፦

> ተከራዩ እንግዳ የማሳደር መብት አለው። አንድ እንግዳ በተከታታይ ከ14 ሌሊት በላይ፣ ወይም በ6 ወር ውስጥ በድምሩ ከ30 ሌሊት በላይ የሚያድር ከሆነ፣ ተከራዩ አስቀድሞ በጽሑፍ ለአከራዩ ያሳውቃል። አከራዩ በ5 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ የቤቱ ስፋት ወይም ሕግ ካልከለከለ በስተቀር ያለ በቂ ምክንያት አይከለክልም። ቀን መጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው እንደ አዳሪ እንግዳ አይቆጠርም።

ቁጥሮቹን እንደ ቤታችሁ ቀይሯቸው። አከራዩ በ5 ቀን ይመልሳል የሚለውን ግን አታውጡት። ተከራዩ ብቻ ግዴታ ያለበት አንቀጽ ሲያነቡት ያስኮርፋል፤ ሲጠቅሱትም ያሳፍራል። የመጨረሻው መስመርም ይቆይ። ልጅ ለመጠበቅ በየቀኑ የምትመጣ አያት አዳሪ ናት አይደለችም የሚለውን ክርክር አንድ ጊዜ የሰማ አከራይ ለምን እንደሆነ ያውቃል።